ከሚሴ ላይ ሽቶ ማቆየት፦ ሎሽን፣ ዘይት፣ ከዚያ ሽቶ (ሦስተኛ ሳምንቴ)

ደሴ እያለሁ ጠዋት የተቀባሁት ሽቶ ማታ ቤት ስገባም አንገቴ ላይ ነበር። ለሥራ ከሚሴ ከወረድኩ በኋላ ግን ያው ሽቶ፣ ያው መጠን፣ 1 ሰዓት ላይ ነፍቼው 4 ሰዓት ሳይሞላ ብን ይላል። በሐምሌ ደግሞ ይብሳል። ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይዋ ትወጣና አየሩ ይታፈናል፣ ላብ እንደወጣ ይቀራል፣ አይደርቅም።

ሽቶ አብዛኛው አልኮል ነው፣ መዓዛው በውስጡ የሟሟ ነው። ሙቀት ሲበዛ ቶሎ ይተናል፣ በተለይ ሎሚ ሎሚ የሚሸተው የመጀመሪያው ክፍል። ደረቅ ቆዳ ላይ የሚይዘው ነገር የለም። ወዝ ያለው ቆዳ ላይ ግን መዓዛው ከቅባቱ ጋር ይዋሃድና ቀስ እያለ ይወጣል። ሎሽንና ዘይት የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የተሳሳትኩት ዘይቱ ላይ ነው። ደሴ እንደለመድኩት ከሻወር ወጥቼ መላ ሰውነቴን ዘይት ተቀባሁ፣ ወዲያው ሽቶ ነፋሁበት፣ ልብሴን ለበስኩ። እኩለ ቀን ላይ ላቡና ዘይቱ ተቀላቅለው ቆዳዬ ላይ ይንሸራተታሉ፣ ሽታውም ከብዶ ራስ የሚያዞር ሆነ። ነጭ ሸሚዜ አንገቱ ላይ የቅባት እድፍ ያዘ፣ እስካሁን አልለቀቀም። ደሴ ብርድ ስለሆነ ቆዳ ብዙ ዘይት ይችላል፣ እዚህ አይችልም።

ስለዚህ ቅዳሜ ቤት ስለምውል ሞከርኩት። ሁለቱንም ክንዴን ሽታ በሌለው ሳሙና ታጠብኩ። ግራውን ባዶ ተውኩት። ቀኙን ገና እርጥበት እያለው ሽታ የሌለው ሎሽን ቀባሁት፣ 5 ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ፣ ከዚያ የክንዴ መታጠፊያ ላይ 2 ጠብታ የአልመንድ ዘይት በጣት ጫፍ ጫን ጫን አደረግኩበት። ሁለቱንም እኩል፣ አንድ አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ስንዝር ርቀት ነፋሁ። ለማሽተት ግን ራሴን አላመንኩም። አፍንጫ አብሮት የዋለውን ሽታ ይለምደዋል፣ ሽቶው እያለ የጠፋ ይመስላል፣ ሰው እላዩ ላይ የሚደራርበውም ለዚህ ነው። አከራዬን እማማን ለመንኳቸው። 4 ሰዓት ላይ ሁለቱንም አሸተቱ፦ «ይኸኛው ሄዷል ልጄ፣ ያኛው ግን አለ።» 8 ሰዓት ላይም ቀኙን «አለ አለ» አሉኝ። ደግሞ ወይባ ሞቀው ቅባት የሚቀቡት ሴቶች ሽታው አብሯቸው የሚቆየው ምን መሰለሽ ብለው ጠየቁኝ።

አሁን የማደርገው ይኸው ነው። ውሃው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ሎሽን፣ እሱም ስስ አድርጌ። ዘይት ሦስት ቦታ ብቻ፦ ደረቴ ላይ ከልብስ በታች፣ የክንዴ መታጠፊያና ከጉልበቴ ጀርባ። ዘይቱ በዝቶ እንደሆነ በሶፍት አውቀዋለሁ፦ ቦታው ላይ አስጠጋዋለሁ፣ ወረቀቱ አሳልፎ የሚያሳይ እድፍ ከያዘ ብዙ ነው፣ እጠርገዋለሁ። ከዚያ ሽቶ፣ ሳላሽ። ሰው እጁን ከእጁ ጋር ሲያፋትግ አያለሁ፣ እሱ ቀለል ያለውን መዓዛ ቶሎ ያባርረዋል። ልብስ የምለብሰው ከደረቀ በኋላ ነው።

አንገቴ ላይ ከቤት ስወጣ መንፋት ትቻለሁ። ቤርጋሞት ያለባቸው ሽቶዎች ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳ ላይ ጥቁር ምልክት ሊተዉ ይችላሉ፣ የከሚሴ ፀሐይ ደግሞ አትምርም።

ሎሽን ስትገዙ ፊቱ ላይ ሽታ የለውም ቢልም ገልብጣችሁ አንብቡት። አንዳንዱ የራሱን ሽታ የሚሸፍን መዓዛ ይጨመርበታል፣ ጀርባው ላይ ፍራግራንስ ወይም ፓርፉም የሚል ቃል ካለ ከሽቶአችሁ ጋር ይጣላል። የሕፃናት ዘይትም ብዙው ሽታ አለው፣ እኔ መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነበር።

ላብ ካለብኝ በላዩ አልነፋም። በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ አደርቃለሁ፣ 1 ጠብታ ዘይት፣ ከዚያ አንዴ ብቻ እነፋለሁ። በዚህ ዓይነት ሽቶዬ እስከ 9 ሰዓት ይዘልቃል፣ እንደ ደሴው እስከ ማታ ግን አይቆይም። ሎሚ የሚሸተው ሌላኛው ሽቶዬ ዘይትም ቢኖር ከ5 ሰዓት አላለፈም። ሰንደል ሰንደል የሚለው ነው የሚቆየው። በሚቀጥለው ሳምንት በዘይቱ ፈንታ ሽታ የሌለው ቫዝሊን፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል፣ ቀኝ ክንዴ ላይ እሞክራለሁ፣ አሸታቼ ያው እማማ ናቸው።