ከቆቦ ሜዳ ደሴ ላለ አንባቢ፦ የጉድጓድ ልኬትን እንዴት መጻፍ እንደተማርኩ

ታኅሣሥ 14 ቀን 2011 ዓ.ም. ቆቦ ሜዳ ላይ ካሉት የመስኖ ጉድጓዶች የአንዱን የውሃ ደረጃ፣ ማለትም ውሃው ከላይ ምን ያህል ወርዶ እንደሚገኝ፣ ለካሁ። ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩት ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ውሃ 38.40 ሜትር፣ 3፡00 ሰዓት»። በሰኔ ወር ባልደረባዬ በዚያው ጉድጓድ 39.02 ሜትር መዘገበ፤ ሁለቱም ቁጥሮች ደሴ ወዳለው መሐንዲስ ተላኩ።

መሐንዲሱ ጉድጓዱን አይቶት አያውቅም። ከልኬቶቹ ጋር የደረሰው የፓምፑ መቆጣጠሪያ ፓነል መዝገብ ነበር፤ በዚያ መሠረት በታኅሣሡ ቀን ፓምፑ የቆመው 08:10 ላይ ነው። የእኔን 3፡00 በፓነሉ ሰዓት ሲያነበው ልኬቱ ሌሊት፣ ፓምፑ ውሃ እየሳበ ሳለ የተወሰደ ሆኖ ታየው። ውሃ እየተሳበ 38.40 ላይ የነበረ ጉድጓድ፣ በሰኔ ሌሊቱን ሙሉ አርፎ 39.02 ላይ ከተገኘ፣ ደረጃው ክፉኛ ወርዷል ማለት ነው። ፓምፑን ዝቅ አድርጎ ለመትከል ማሰብ ከመጀመሩ በፊት ግን ደወለልኝና ሁለት ነገር ጠየቀኝ፤ «3፡00 ያልከው በየትኛው አቆጣጠር ነው? 38.40ውስ ከየት ጀምሮ ነው?»

የመጀመሪያው ቀላል ነበር። ከጠዋቱ 3፡00 ማለቴ ነው፤ በፓነሉ 09:00፣ ፓምፑ ከቆመ ከ50 ደቂቃ በኋላ። ሁለተኛውን ለመመለስ ግን ወደ ጉድጓዱ መመለስ ነበረብኝ። እኔ በልማድ ወደ ውሃው የሚወርደውን ባለ ልኬት ገመድ፣ ዲፕ ሜትሩን፣ የጉድጓዱን ግድግዳ በሚይዘው ቧንቧ፣ በኬሲንጉ አፍ ላይ አንብቤ፣ ኬሲንጉ ከኮንክሪቱ በላይ የወጣበትን ከፍታ እቀንሳለሁ፤ ባልደረባዬ ደግሞ በኬሲንጉ አፍ ያነበበውን እንዳለ ይጽፋል። ከፍታውን ስለካው 55 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ስለዚህ የእኔ 38.40 ከኬሲንጉ አፍ ሲለካ 38.95 ነው፤ 62 ሳንቲ ሜትር የመሰለው ልዩነት ወደ 7 ወረደ።

በዚያው ጉብኝት ሌላም ነገር አየሁ። የኬሲንጉ አፍ ሲቆረጥ ዘመም ብሎ ስለነበር በአንዱ ጎንና በሌላው መካከል 2 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ነበረው። በሰሜን በኩል ባለው ጠርዝ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግሁበት፤ ከዚያ ወዲህ የሚለካው ሁሉ ከምልክቱ ነው። «ከኬሲንግ አፍ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው ጠርዝ እንደሆነ፣ ከኮንክሪቱ በላይ ስንት እንደሆነም አብሮ ይጻፋል። ኮንክሪቱ ተሰብሮ እንደገና ቢለሰን ወይም ኬሲንጉ ቢቀጠል፣ የቆየውን ልኬት ከአዲሱ ጋር ማገናኘት የሚቻለው በእነዚህ ነው።

አሁን አንድ ልኬት ስጽፍ እንዲህ ይነበባል፦ «ከፓምፕ ቤቱ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ 4.30 ሜትር ርቆ ያለው ጉድጓድ፤ ከቀዩ ምልክት 38.97 ሜትር፤ ምልክቱ ከኮንክሪቱ በላይ 0.55 ሜትር፤ ዲፕ ሜትር ቁጥር 2፤ ከጠዋቱ 3፡20፣ በፓነሉ 09:24፤ ፓምፑ የቆመው በፓነሉ 08:04»። ሁለቱን ሰዓቶች በአንድ ቅጽበት አይቼ የምጽፈው የፓነሉ ሰዓት ወደፊት ወይም ወደኋላ ስለሚሄድ ነው፤ እዚህ 4 ደቂቃ ይቀድማል። በጂፒኤስ የወሰድኩትን ነጥብ ስጽፍም መሣሪያው የቆዩት የአገራችን ካርታዎች በተሠሩበት የመጋጠሚያ ሥርዓት በአዲንዳን ላይ ወይስ በጂፒኤስ መደበኛ ሥርዓት በደብሊው ጂ ኤስ 84 ላይ እንደተስተካከለ እጨምራለሁ። ያለዚያ በቆየው የአገራችን ካርታ ላይ ነጥቡን የሚያስቀምጥ ሰው ወደ 200 ሜትር ገደማ ይስታል፤ በዚያ ርቀት ደግሞ የሌላ ገበሬ ማሳ ውስጥ ይገባል።

የዲፕ ሜትሩን ቁጥር መጻፍ መጀመሪያ ትርፍ ሥራ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ግን የቁጥር 2 ገመድ ከጫፉ አጠገብ ተበጥሶ ሲቀጠል 10 ሳንቲ ሜትር እንደጎደለው ተደረሰበት፤ ገመዱ ስላጠረ ከእውነተኛው ጥልቀት 10 ሳንቲ ሜትር አብልጦ ያነባል። ቁጥሩ በየመስመሩ ስለነበረ፣ የተቀጠለበትን ቀን ይዘን ከዚያ ወዲህ በእርሱ የተለኩትን ብቻ ለይተን 10 ሳንቲ ሜትር ቀነስንላቸው፤ ሌሎቹን አልነካናቸውም።

የታኅሣሡን ልኬት ግን ሙሉ በሙሉ ማዳን አልቻልኩም። ፓምፕ ሲቆም ውሃው ወዲያው ወደ ቦታው አይመለስም፤ መጀመሪያ ፈጥኖ ከዚያ እያዘገመ ይወጣል። ዛሬ በየ10 ደቂቃው እለካለሁ፤ በሁለት ተከታታይ ንባቦች መካከል ያለው ለውጥ ከ1 ሳንቲ ሜትር ሲያንስ ብቻ «አርፏል» ብዬ እጽፋለሁ፤ ያንን ሁሉ ንባብም አስቀምጣለሁ። ያን ጠዋት የለካሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ50ኛው ደቂቃ ውሃው ገና እየወጣ ከነበረ፣ ያረፈበት ደረጃ ከ38.95 ከፍ ያለ ነበር፤ እስከ ሰኔ የወረደውም ከ7 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። መሐንዲሱ በሠንጠረዡ ላይ ከዚያ ቁጥር ጎን «ቢያንስ 7 ሳ.ሜ.» ብሎ ጻፈ፤ እስካሁንም እንደዚያው ነው።