ከግሬስ ፔሬድ በኋላ ሎኔ ስንት ሆነ? ሒሳቡ የገጠመልኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው

በመጨረሻ ገጠመልኝ። የኔ ሰንጠረዥ 15,235.18 ዶላር ይላል፣ የሰርቪሰሩ፣ ማለትም ሎኑን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ገጽ 15,234.33። ልዩነቱ 85 ሳንቲም ነው፣ እሱም ከየት እንደመጣ አውቄዋለሁ። እዚህ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ማታ ከሥራ ስመለስ ሻይዬን ይዤ ኮምፒውተር ፊት እየተቀመጥኩ። እናንተም የአሜሪካ የፌዴራል ሎን ካለባችሁና ግሬስ ፔሬዳችሁ፣ ማለትም ከተመረቃችሁ በኋላ ክፍያ ሳትጀምሩ የምትቆዩበት ስድስት ወር፣ እያለቀ ከሆነ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የኔን ሁኔታ ልንገራችሁ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያለ ሎን ጨረስኩ፣ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሬ ሁለት ዓመት ተማርኩ። በየዓመቱ 12,500 ተበደርኩ። ከዚህ ውስጥ 5,500ው ሰብሲዳይዝድ ነው፤ እስክመረቅም ሆነ በግሬስ ፔሬዱ ስድስት ወር ወለድ አልተቆጠረበትም። ስለዚህ እሱን ለብቻው አስቀምጡት፣ ምንም ሒሳብ አያስፈልገውም። ራስ የሚያዞረው ቀሪው 7,000 ነው፣ አንሰብሲዳይዝድ የሚባለው። እሱ ብሩ ከገባበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል። በሁለት ዓመት 14,000 ማለት ነው። ሜይ 17 ቀን 2025 ተመረቅኩ፣ ኖቬምበር 18 ላይ የክፍያ ጊዜ ጀመረ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ብዙ ሰው የሚሠራው ይመስለኛል። «ወለድ የሚቆጠረው በግሬስ ፔሬዱ ነው» ብዬ የስድስት ወሩን ብቻ አሰላሁ። 427 ዶላር ገደማ መጣ። 14,427 ብዬ ተዘጋጅቼ ገጹን ስከፍት 15 ሺህ ከምናምን ይላል። ደነገጥኩ። በእውነት የሆነ ሰው ተሳስቷል ብዬ ልደውል ስልክ አንስቼ ነበር። ያልተሳሳተ ግን እነሱ ናቸው። ከወለዱ ሁለት ሦስተኛው የተጠራቀመው ገና ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ነው። ግሬስ ፔሬዱ የመጨረሻው ቁራጭ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ብሩ በአንድ ቀን አይገባም። የአንድ ዓመት ሎን ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚገባው፣ በፎልና በስፕሪንግ። እያንዳንዱ ግማሽ የራሱ የቀን ቆጠራ አለው። ደግሞ የገባውን ብር አይታችሁ አትጻፉ። ትምህርት ቤቱ አካውንት ላይ የገባልኝ 3,463 ነበር፣ ዕዳው ግን 3,500 ነው። ያቺ 37 ዶላር ኦሪጂኔሽን ፊ ናት፣ 1.057 በመቶ፣ ሳትደርሰን የምትቆረጥ። አንደርሳትም እንጂ ወለድ ይቆጠርባታል።

ትክክለኛውን ቀንና መጠን ያገኘሁት ከ StudentAid.gov ላይ በሚወርደው የጽሑፍ ፋይል ነው። ገብታችሁ የራሳችሁን መረጃ ማውረድ ትችላላችሁ። ሲያዩት ያስጠላል፣ መስመር በመስመር የተደረደረ ነገር ነው። ግን `Loan Disbursement Date` የሚለውን ፈልጉ፤ ብሩ የገባበት ቀንና መጠኑ አንድ በአንድ እዚያ አለ። ለኔ ከየትኛውም የድረ ገጽ ካልኩሌተር ይበልጣል። ካልኩሌተሮቹ አንድ መጠንና አንድ ወለድ ብቻ ነው የሚጠይቁት፣ እውነተኛ ሎን ደግሞ እንደዚያ አይደለም።

ቀን ቆጠራውንም መጀመሪያ በእጄ ነበር የሠራሁት። ወር ሠላሳ ቀን ነው ብሎ መቁጠር ከልጅነት የለመድነው ነገር አይደል? ከሴፕቴምበር 5 ቀን 2023 እስከ ኖቬምበር 18 ቀን 2025 ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ከ13 ቀን ብዬ 793 አገኘሁ። ትክክለኛው 805 ነው። እነዚያ አስራ ሁለት ቀናት በአንዱ ግማሽ ብቻ ከ6 ዶላር በላይ ያጎድላሉ። ስለዚህ ቀኑን ለሰንጠረዡ ተዉለት፦

```
=ROUND(B2*C2/365*(E2-D2),2)
```

B መጠኑ፣ C የወለዱ መጠን፣ D ብሩ የገባበት ቀን፣ E ግሬስ ፔሬዱ ያለቀበት ቀን ነው። የ2023–24 ሎን ወለዱ 5.50 በመቶ ነበር፣ የ2024–25ቱ 6.53። የኔ አራት መስመሮች እንዲህ ወጡ። ሴፕቴምበር 2023 የገባው 805 ቀን፣ 424.55 ዶላር። ጃንዋሪ 2024 የገባው 662 ቀን፣ 349.14። ሴፕቴምበር 2024 የገባው 439 ቀን፣ 274.89። ጃንዋሪ 2025 የገባው 298 ቀን፣ 186.60። ድምሩ 1,235.18።

ልብ በሉ፣ ይሄ ቀላል ወለድ ነው። እኔ አልጀብራ ክፍል በተማርኩት የወለድ ወለድ ቀመር ሞክሬው ነበር፣ በየወሩ እየደመረ የሚሄደውን። በመጀመሪያው መስመር ብቻ 26 ዶላር ገደማ ትርፍ አመጣብኝ። የፌዴራል ሎን በየወሩ ወለዱን ዋናው ላይ አይጨምርም። ወለዱ ጎን ለጎን ይጠራቀማል፣ ዋናው 14,000 እንዳለ ይቆያል።

እዚህ ድረስ አንድ ሳምንት ፈጀ። ሁለቱን ሳምንት የበላው ቀጣዩ ነው።

በኖቬምበር 18 ቁጥሬ ከሰርቪሰሩ ጋር ገጥሞ ነበር፣ ከ85 ሳንቲም በስተቀር። ደስ አለኝና ሰንጠረዡን ወደፊት ቀጠልኩት። ከሠላሳ ቀን በኋላ፣ ገና ምንም ሳልከፍል፣ ሳየው የኔ 6 ዶላር ከ87 ሳንቲም ይበልጣል። ትንሽ ነው ትላላችሁ። ግን መነሻው ገጥሞ መንገዱ ከተለያየ፣ አንድ ሕግ ያልገባኝ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ለአስር ዓመት ይከተለኛል።

ቀኖቹን ፈተሽኩ፣ ልክ ናቸው። የወለዱን መጠን ፈተሽኩ፣ ልክ ነው። በመጨረሻ የቀን ወለዱን ብቻ ነጥዬ አየሁት። የኔ ሰንጠረዥ በቀን 2.51 ዶላር ይጨምራል። የሰርቪሰሩ 2.31። ልዩነቱ በቀን ሃያ ሳንቲም ነው። ታዲያ ሃያ ሳንቲም ከየት ይመጣል? በአንድ ዓመት 73 ዶላር ገደማ ይሆናል፣ እሱም የዚያ የ1,235ቱ ወለድ የዓመት ወለድ ነው! በየሎኑ የወለድ መጠን አባዝቼ ሳየው ቁጭ አለ። እኔ ግሬስ ፔሬዱ ሲያልቅ ወለዱን ዋናው ላይ ደምሬ 15,235.18 ላይ ወለድ አስቆጥሬያለሁ። እነሱ በ14,000ው ላይ ብቻ ነው የሚቆጥሩት።

ካፒታላይዜሽን የሚባለው ይሄ ነው፤ ያልተከፈለ ወለድ ወደ ዋናው ገብቶ ራሱ ወለድ ማስቆጠር ሲጀምር። የተማርኩበት ማብራሪያ ሁሉ «ግሬስ ፔሬዱ ሲያልቅ ወለዱ ካፒታላይዝ ይደረጋል» ይላል። ድሮ እውነት ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ግን ትምህርት ሚኒስቴሩ፣ የአሜሪካው ማለቴ ነው፣ እሱ በያዛቸው ሎኖች ላይ ተበዳሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍያ ሲጀምር የሚደረገውን አስቀርቶታል። ብዙ ካልኩሌተርና ብዙ ቪዲዮ ገና አልተስተካከለም። ስለዚህ ደስ የሚል የሚመስል ጥርት ያለ ማብራሪያ ስታገኙ መቼ እንደተጻፈ እዩ። እኔ ይሄን ባለማየቴ ነው ሁለት ሳምንት የጠፋብኝ።

የራሳችሁን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ስቴትመንቱ ላይ ዋናውና ወለዱ ለየብቻ ተጽፈዋል። ዋናው የተበደራችሁት ልክ ከሆነ ካፒታላይዝ አልተደረገም። ካደገ ተደርጓል። ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ካያችሁ ግን በዚያ ቀን ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፤ እኔንም ያሳሳተኝ እሱ ነው።

ሙሉ በሙሉ ቀርቷል ብላችሁ ግን እንዳትዘናጉ። ክፍያ ከጀመራችሁ በኋላ ዲፈርመንት፣ ማለትም ክፍያው ለጊዜው እንዲቆም፣ ብትጠይቁ፣ እሱ ሲያበቃ የአንሰብሲዳይዝድ ሎን ወለድ ዋናው ላይ ይደመራል። ሎኖቻችሁን ኮንሶሊዴት ብታደርጉም የተጠራቀመው ወለድ የአዲሱ ሎን ዋና አካል ይሆናል። «አንድ ላይ ማድረግ ይቀላል» ብሎ በስንፍና መጠቅለልን እኔ አልወደውም። ቢያንስ መጀመሪያ ቁጥሩን አስሉት።

የግል ባንክ ሎን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ይሄን የማውቀው በአክስቴ ልጅ ነው። የኔን ሳሳያት፣ «ምነው አንቺ፣ የኔ ዋናው 12 ሺህ አለ እኮ! የተበደርኩት አስር ነው» አለችኝ። አብረን አየነው። 10,000 በ9 በመቶ፣ 913 ቀን ቆይቷል። በቀን 2.47 ገደማ፣ ጠቅላላ 2,251.23። የሷ ውል ግሬስ ፔሬዱ ሲያልቅ ካፒታላይዝ ይደረጋል ይላል፣ ስለዚህ ዋናው 12,251.23 ሆነ፣ የቀን ወለዱም ወደ 3.02 ወጣ። ከዚያ ቀን በፊት ከወለዱ የቻለችውን ያህል ብትከፍል ኖሮ የከፈለችው ልክ ወደ ዋናው አይገባም ነበር። የግል ሎን ያላችሁ፣ ያቺን ቀን ካላንደራችሁ ላይ አድርጓት። የፌዴራል ብቻ ላለው ግን በዚያች ቀን የሚለወጥ ነገር የለም፣ ስለዚህ ለመጠባበቂያ ያስቀመጠውን ብር አሟጦ መሮጥ የለበትም ባይ ነኝ።

ያቺ 85 ሳንቲም? አንዳንድ ሰርቪሰሮች የሚያካፍሉት ለ365 ሳይሆን ለ365.25 ነው። ቀመሩ ውስጥ ቀይሬ ሳየው 85ቷ ሳንቲም ጠፋች። ስለዚህ በዚህ መጠን ባለ ሎን ልዩነታችሁ ከአንድ ዶላር በታች ከሆነ ተዉት። አስርና ሃያ ዶላር ከሆነ የገባበትን ቀን እዩ። በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ከሆነ አንዱን መስመር ረስታችኋል፣ ወይም እንደኔ የግሬሱን ስድስት ወር ብቻ ቆጥራችኋል።

አንድ ያልተመቸኝ ነገር ልናገር። ክፍያው መጀመሪያ የተጠራቀመውን ወለድ ነው የሚበላው። በአስር ዓመቱ መደበኛ ክፍያ፣ የ2023–24 ሎኔ በወር 84 ዶላር ገደማ ነው። 32ቱ ለወሩ ወለድ ይሄዳል፣ የቀረው ከሁለቱ ግማሾች የተጠራቀመውን የድሮውን ወለድ 773.69 ያቃልላል። ዋናው 7,000 ለ15 ወር ያህል ንቅንቅ አይልም ማለት ነው። ይሄን ሳላውቅ ሁለት ወር ከፍዬ ባየው ኖሮ ተስፋ እቆርጥ ነበር። ተማሪ ሳለሁ በወር 20 ዶላር ብቻ ወደ ወለዱ ብጥል ኖሮ ከዚህ 773.69 ግማሹ ያህል አይኖርም ነበር፤ ያኔ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን ሰንጠረዡ ላይ ለክፍያ አዲስ ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ ወለዱ እስኪያልቅ ዋናውን እንዳይነካ አድርጌ። ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ውሏን ይዛ ትመጣለች፣ የሷ ወለድ ተለዋዋጭ ስለሆነ ወደፊት የሚቀየርበትን ቀን ለይተን በየመስመሩ የምናስገባበትን ልናዘጋጅ ነው።