ከማንቁርት የወጣ አልቅት በ200 ቃላት

በሰሜን ሸዋ ደጋ በምሠራበት ሆስፒታል አንድ አርሶ አደር ለሦስት ሳምንት ደም ሲተፋ ቆይቶ፣ ድምፁም ጎርንኖ ወደ እኛ ተላከ። ቀደም ሲል የታየበት ጤና ተቋም የሳንባ ሕመም ነው ብሎ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሰጥቶት ነበር። ሂሞግሎቢኑ 6.4 ደርሶ ስለነበር ደም ተሰጠው። በማንቁርቱ ውስጥ ተጣብቆ የተገኘው አልቅት በማደንዘዣ፣ በላሪንጎስኮፕ እየታየ፣ በመቆንጠጫ ወጣለት። አልቅት በልጆች አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ በአካባቢያችን ባይጠፋም፣ ማንቁርት ላይ ተቀምጦ የአዋቂን ሰው ደም እስከዚህ ድረስ ማጉደሉ ሊዘገብ የሚገባው ነበር። ታካሚያችን የጽሑፍ ፈቃዱን ከሰጠ በኋላ፣ ሕክምናውን የተከታተለችው ወጣት ሐኪም ኬዝ ሪፖርቱን ጻፈች፤ በዘገባው መጀመሪያ የሚቀመጠውን አጭር ማጠቃለያ፣ አጽሕሮቱን፣ እንድመለከትላትም ወደ እኔ አመጣችው።

መጽሔቱ የፈቀደው ርዕሰ ክፍሎቹን ጨምሮ 200 ቃላት ሲሆን፣ ያመጣችው 386 ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ግን የቃላቱን ብዛት ሳይሆን አልቅቱ የሚጠቀስበትን ቦታ ነው። ታሪኩ በቅደም ተከተል ስለተጻፈ አልቅቱ ብቅ የሚለው ከመጨረሻው አንቀጽ ላይ ነበር፤ አጽሕሮትን የሚያነብ ሐኪም ግን ምን እንደተገኘ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማወቅ አለበት፤ በመረጃ ቋት ውስጥ የሚፈልገውም በዚሁ ስም ነው። ስለዚህ መግቢያው በሁለት ዓረፍተ ነገር ተወስኖ፣ የማንቁርት አልቅት በአዋቂ ላይ ብዙም እንደማያጋጥምና ሳንባ ነቀርሳን መስሎ ሊያሳስት እንደሚችል ብቻ እንዲናገር አደረግን። «የመጀመሪያው ዘገባ» የሚለውን ሐረግም አወጣነው፤ ቀደምት ዘገባዎችን በሥርዓት ሳይፈትሹ እንዲህ ማለት አይቻልም።

ረጅሙ ክርክራችን በምርመራ ውጤቶቹ ላይ ነበር። ጤናማ የሆኑት ሁሉ፣ ማለትም የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ የደም ግፊት፣ የሰውነት ሙቀት፣ ከ60 በላይ ቃላት ወስደው ነበር። እርሷም «ዶክተር፣ ጤናማ ውጤት ሁሉ ይውጣ ካሉኝ የአክታውም ይወጣል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። እኔም «አንቺ ይህን ሰው ሳታዪው ደም ይተፋል ቢሉሽ መጀመሪያ ምን ትጠረጥሪያለሽ?» አልኳት። መልሱ ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ቀጥሎ ደም ያለመርጋት ችግር ይታሰባል። ስለዚህ የአክታው ጂን ኤክስፐርት ነቀርሳ አለማሳየቱ፣ የደረት ራጁ ጤናማ መሆኑና የደም መርጋት ምርመራው ሳይዛባ መገኘቱ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ተጠቃለው ቀሩ። የኩላሊቱና የጉበቱ ውጤት በዘገባው ውስጥ ወዳለው ሠንጠረዥ ሄደ፤ ማንም አንባቢ በእነርሱ ምክንያት ሐሳቡን አይቀይርምና።

በሌላ በኩል፣ ለማሳጠር ስትል ያወጣችውን አንድ ነገር መልሰን አስገባን። ታካሚው «ጉሮሮዬ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ» ብሎ ነበር፤ በረቂቁ ግን ይህ «በጉሮሮው ባዕድ ነገር ይሰማዋል» ተብሎ ተጽፏል። የዓሣ አጥንት የተሰነቀረበት ሰውም ባዕድ ነገር ይሰማዋል። የሚንቀሳቀስ መሆኑና ሰውየው በእረኝነት ቦታ የምንጭ ውኃ ጎንበስ ብሎ በአፉ መጠጣቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ነው ሐኪሙ ማንቁርቱን ለማየት የሚነሣው። የቀበሌው ስምና የመጣበት ቀን ግን ወጡ፤ ዕድሜውም «በሠላሳዎቹ ውስጥ» ተባለ፤ በትንሽ ቀበሌ ደም የሚተፋን ሰው ለመለየት ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

መደምደሚያው «ሁሉም ሐኪም ደም የሚተፋን ታካሚ ማንቁርት መመርመር አለበት» ይል ነበር። ከአንድ ታካሚ ይህን ያህል መደምደም አይቻልምና፣ ያልተጣራ ውኃ የሚጠጣ ሰው ደም ሲተፋና ድምፁ ሲጎረንን፣ የሳንባ ምርመራውም ጤናማ ሲሆን፣ ማንቁርቱ ቢታይ ይበጃል በሚል አጠበብነው።

ጽሑፉ 197 ቃላት ላይ ሲደርስ ቁጥሮቹን ከታካሚው ካርድ ጋር እያንዳንዱን አስተያየን። ሂሞግሎቢኑ በአጽሕሮቱ 6.4፣ በሠንጠረዡ 6.9 ሆኖ ተገኘ፤ የመጀመሪያው እኛ ዘንድ ሲደርስ የተለካ፣ ሁለተኛው ላኪው ተቋም የጻፈው ነበር። አጽሕሮቱን «ሲገባ 6.4» ብለን አጠራን፤ ሠንጠረዡ ላይም ሁለቱን ከነተለኩበት ቦታ ለይተን ጻፍን። ከዚያ በኋላ ነው የላክነው።