«ሊሚት እንዳለው በምን አወቅህ?»

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ ይህ ሲኩዌንስ መጣ፦ a₁ = 1፣ aₙ₊₁ = √(2 + aₙ)። ሊሚቱ፣ ማለትም አባላቱ እየተጠጉት የሚሄዱት ቁጥር፣ ስንት ነው? በሁለት መስመር ጨረስኩት። ሊሚቱን L አልኩት፤ L = √(2 + L) ስለዚህ L² − L − 2 = 0። ከ2 እና ከ−1 አሉታዊውን ጥዬ 2 አልኩ። መልሱ ልክ ነበር። ያገኘሁት ግን ከ10 3 ነው። መምህሬ በቀይ የጻፉልኝ ይህን ብቻ ነበር፦ «ሊሚት እንዳለው በምን አወቅህ?»

ቢሯቸው ሄድኩ። ሌላ ሲኩዌንስ ጻፉልኝ፦ b₁ = 3፣ bₙ₊₁ = bₙ² − 2። «በአንተው ዘዴ ሥራው» አሉኝ። L = L² − 2 ጻፍኩ። ያው የድሮው እኩልታ ወጣ! መልሱም 2 ወይም −1። «በል አሁን ቁጥሮቹን አስላቸው።» 3፣ 7፣ 47፣ 2207 እያለ ሽቅብ ይተኮሳል። ወደ 2 የሚጠጋ ነገር የለም።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እኩልታው የሚለው «ሊሚት ካለ ከእነዚህ አንዱ ነው» ብቻ ነው። ስለመኖሩ ምንም አይናገርም። መኖሩን የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፦ ሳይቀንስ የሚሄድና ጣሪያ፣ ማለትም አባላቱ የማያልፉት ቁጥር፣ ያለው ሲኩዌንስ ሁሉ ሊሚት አለው። እየቀነሰ የሚሄድና ወለል ያለውም እንዲሁ።

ለምን? ለሲኩዌንሱ ጣሪያ መሆን የሚችሉ ቁጥሮች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉም ዝቅተኛውን s እንበለው። አሁን የፈለግነውን ያህል ትንሽ አዎንታዊ ቁጥር እንምረጥና ኤፕሲሎን፣ ε፣ እንበለው። s − ε ከ s ስለሚያንስ ጣሪያ መሆን አይችልም። ስለዚህ አንዱ አባል፣ aₙ እንበለው፣ አልፎታል። ሲኩዌንሱ ወደኋላ ስለማይመለስ ከዚያ በኋላ ያሉት አባላት ሁሉ ከ s − ε በላይ ናቸው። ከ s ደግሞ አይበልጡም። ሁሉም በዚያች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ቀሩ ማለት ነው። ሊሚት ማለት ይኸው ነው።

እዚህ ውስጥ የተደበቀው ትልቁ ነገር «ዝቅተኛው ጣሪያ አለ» የሚለው ነው። ይህ የሪል ቁጥሮች ባሕርይ ነው። በክፍልፋዮች ዓለም ብቻ ብንኖር አይሠራም። 1፣ 1.4፣ 1.41፣ 1.414 እያልን የ√2ን አሃዞች ብንከተል እየጨመርን እንሄዳለን፣ 2ም ጣሪያችን ነው፣ ግን የምንደርስበት ክፍልፋይ የለም።

ከዚያ ፈተናዬን እንደገና ሠራሁት። መጀመሪያ ጣሪያውን ፈለግኩ። 2ን ከየት አመጣሁት? ከዚያው እኩልታ። ለማረጋገጫ ባይበቃም ለመገመት ግን ይጠቅማል። a₁ = 1 ከ2 ያንሳል። aₙ ከ2 ካነሰ 2 + aₙ ከ4 ያንሳል፣ ሥሩም ከ2 ያንሳል። በኢንዳክሽን ሁሉም ከ2 በታች ናቸው። ቀጥሎ መጨመሩ፦

aₙ₊₁² − aₙ² = 2 + aₙ − aₙ² = (2 − aₙ)(1 + aₙ)

aₙ ከ2 በታች መሆኑን ስላወቅን ሁለቱም ቅንፎች አዎንታዊ ናቸው። ስለዚህ ይጨምራል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ ጣሪያውን ሳላረጋግጥ ስለመጨመሩ ብጀምር ኖሮ (2 − aₙ) ላይ እቆም ነበር። አሁን L አለ፤ እኩልታውን መጻፍ ተፈቀደ። አባላቱ ሁሉ ከ1 ስለማያንሱ −1 ይወድቃል፣ 2 ይቀራል። 1፣ 1.732፣ 1.932፣ 1.983፣ 1.996 የሚሉትም ቁጥሮች ይህንኑ ያሳያሉ።

በጣም የወደድኩት ግን ይኸው ሐቅ የ b ሲኩዌንስንም ጉዳይ መቁረጡ ነው። bₙ₊₁ − bₙ = (bₙ − 2)(bₙ + 1) ነው። ከ3 ስለጀመርን አዎንታዊ ነው፣ ይጨምራል። ጣሪያ ቢኖረው ሊሚት ይኖረው ነበር፤ ያም 2 ወይም −1 ይሆን ነበር። ግን አባላቱ በሙሉ 3 እና ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ ጣሪያ የለውም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ዘዴው እንቢ አለኝ፦ c₁ = 1፣ cₙ₊₁ = 1 + 1/cₙ። 1፣ 2፣ 1.5፣ 1.667፣ 1.6 እያለ ከፍ ዝቅ ይላል። መጨመርም መቀነስም አይደለም። ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ሳየው ግን ጎዶሎ ተራ ላይ ያሉት (1፣ 1.5፣ 1.6) ይጨምራሉ፣ ሙሉ ተራ ላይ ያሉት (2፣ 1.667፣ 1.625) ይቀንሳሉ፣ ሁሉም በ1 እና በ2 መካከል ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም ሊሚት አላቸው። ሁለት እርምጃ በአንዴ ሲኬድ ሕጉ cₙ₊₂ = (2cₙ + 1)/(cₙ + 1) ይሆናል። ለሁለቱም L² − L − 1 = 0 ይወጣል፤ አዎንታዊው መልስ አንድ ብቻ ነው፦ (1 + √5)/2። ሁለቱ እዚያው ስለተገናኙ መላው ሲኩዌንስም እዚያው ይደርሳል።