ባዶው ሴል 32 ሲል

የክትባት ፍሪጅ ሙቀት ጠዋትና ማታ ይመዘገባል። በ30 ቀን 60 ንባብ ማለት ነው፤ በኤክሴል ከB2 እስከ B61 ይይዛል። ንባቡ በሴንቲግሬድ ነው፤ መዝገቡን አሜሪካ ላለ ባልደረባ ለመላክ ግን ፋራናይቱም አጠገቡ ቢኖር ይሻላል። C2 ላይ ይህን መጻፍ ይበቃል፦

```
=B2*9/5+32
```

ቅንፍ አያስፈልገውም፤ ማባዛትና ማካፈል ከመደመር ቀድመው ይሰላሉና። 5 ዲግሪ 41 ይሆናል። ከዚያ የC2ን ታችኛ ቀኝ ጥግ ይዞ እስከ C61 መጎተት ነው። B2 በየረድፉ ራሱ B3፣ B4 እያለ ይወርዳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ባዶው ሴል ነው። ንባቡ ሳይወሰድ የቀረበት ቀን ሲደርስ ኤክሴል ባዶውን እንደ 0 ቆጥሮ 32 ይጽፋል። ለሌላ መዝገብ ተራ ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ለክትባት ግን 32 ፋራናይት ውሃ የሚረጋበት ሙቀት ነው። የሚፈለገው ከ2 እስከ 8 ሴንቲግሬድ፣ ማለትም ከ35.6 እስከ 46.4 ፋራናይት ነው። እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያለው ክትባት ደግሞ አንዴ ከረጋ አይሠራም። ስለዚህ ማንም ያልለካው ቀን መዝገቡ ላይ ክትባቱ የተበላሸበት ቀን መስሎ ይታያል። አማካዩም ይዛባል፦ 56ቱ ንባብ 41 ሆኖ አራቱ ባዶ ቢሆኑ፣ አማካዩ በ41 ፈንታ 40.4 ይወጣል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ዓይን አይዘውም።

መፍትሔው ባዶውን ባዶ አድርጎ መተው ነው፦

```
=IF(B2="","",B2*9/5+32)
```

ቁጥር ያልሆነውን ሁሉ በ`ISNUMBER` የሚያስቀሩ አሉ። እኔ አልመርጠውም። አንዱ «4.5 ዲግሪ» ብሎ በፊደል ጽፎ ከሆነ፣ `ISNUMBER` ያንን እውነተኛ ንባብ ካልተለካው ጋር አንድ ላይ ይደብቀዋል። ከላይ ያለው ፎርሙላ ግን `#VALUE!` ብሎ ይጮኻል፤ ሄዶ ቃሉን አጥፍቶ 4.5 ብቻ መተው ይቻላል። ባዶ የሚመስል ሴል `#VALUE!` ካለ ውስጡ ስፔስ ተጽፏል ማለት ነው። በፊደል የገባው ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ለማወቅ፦

```
=COUNTA(B2:B61)-COUNT(B2:B61)
```

መልሱ 0 ካልሆነ መጀመሪያ ዓምድ Bን ማጽዳት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በቀኑ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት መካከል ያለውን ልዩነት የያዘ ዓምድ ካለ ይህ ፎርሙላ አይሆነውም። የ3 ሴንቲግሬድ ልዩነት 5.4 ፋራናይት እንጂ 37.4 አይደለም። እዚያ በ9/5 ማባዛት ብቻ ነው፤ 32 አይደመርም።