ኤዛና ማንን ወለደ?

አክሱም ያደርኩበት የእንግዳ ማረፊያ ውኃ የለሽ ስለ ነበር ፊቴን በታሸገ ውኃ ታጥቤ ወጣሁ። አብራኝ የተጓዘችው ግሪካዊት ወዳጄ ግን፣ ሌሊቱን ሙሉ የጮኹት ውሾች ካልሆኑ በቀር ምንም አላማረራትም። ባጃጁም የፈረንጅ ዋጋ ጠየቀን። ጎንደር ቢሆን ኖሮ እከራከር ነበር፤ በሰው አገር ግን አፌ ስለሚታሰር ሁለት መቶ ብር ከፍዬ ዝም አልሁ።

የሄድነው ወደ አፄ ካሌብ መቃብር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአነስተኛ ቤት ውስጥ ወደ ቆመው የንጉሥ ኤዛና ድንጋይ ነው። በ1970ዎቹ ገበሬዎች ያገኙት ይህ ድንጋይ፣ ንጉሡ በቤጃዎች ላይ ያደረገውን ዘመቻ በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ ይተርካል። ጠባቂው አቦይ በሩን ከፍተው በትሕትና ተቀበሉን። እኔም የቆሎ ተማሪነቴን ተማምኜ ግእዙን ለወዳጄ ማንበብ ጀመርኩ።

ጽሑፉ የተቀረጸው ፊደላት አናባቢ ምልክት ከመቀበላቸው በፊት ስለ ሆነ፣ ሁሉም ሆሄ ለዛሬ አንባቢ ግእዝ፣ ማለትም የመጀመሪያው ፊደል ሆኖ ይታያል። «ወለደ መሐረመ» የሚለው ጋ ስደርስ ያለ ማመንታት «ማሕረምን ወለደ» ብዬ ተረጎምኩላት። እርሷ በግሪክኛው ገጽ በኩል ቆማ ስትከታተል ነበርና፣ «እዚህ የተጻፈው ልጅ የሚል ነው፤ የአሬስ ልጅ» አለችኝ። አፈርኩ። ማንበብ የነበረብኝ «ወልደ ማሕረም» ብዬ ነበር፤ እኔ ግን የጦርነት አምላክ የሆነውን ማሕረምን የንጉሡ ልጅ አድርጌው አረፍኩ። ግሪኮች የጦርነት አምላካቸውን አሬስ ስለሚሉት፣ የግሪክኛውን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው ማሕረምን በዚያ ስም ተክቶታል።

ቀጥሎ ያለው «ዘአየተመወአ ለፀረ» ሲሆን፣ ሲነበብ «ዘኢይትመዋእ ለፀር»፣ በአማርኛም «ለጠላት የማይሸነፍ» ማለት ነው። ፀር ምን እንደ ሆነ ስትጠይቀኝ፣ በፀረ ተባይ ጠርሙስ ላይ ያለው ቃል መሆኑን ነገርኳት፤ በጣም ሳቀች። ከዚያ ግን ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ፦ የማይሸነፈው ንጉሡ ነው ወይስ አምላኩ? «ዘ» ለሁለቱም ሊሆን ስለሚችል ግእዙን ብቻ ይዤ መመለስ አልቻልኩም። እርሷ ድንጋዩን ሳትነካ በጣቷ እያመለከተች በግሪክኛው የማይሸነፍ ማለት የሆነውን «አኒኪቱ» የሚለውን ቃል አሳየችኝ። ቃሉ ንጉሡን ቢገልጽ ኖሮ መጨረሻው «ኦስ» ይሆን ነበር፤ «ኡ» መሆኑ ግን ከአሬስ ጋር ያስተሳስረዋል።

አቦይ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሲያዳምጡ ቆይተው፣ ድንጋዩ ከቦታው የሚያነሣውን ሰው እንደሚረግም አስታወሱን። እርግማኑስ በትክክል እንዴት ይነበባል ብላ ወዳጄ ወደ ታችኞቹ መስመሮች ጎንበስ ስትል፣ ባጃጁ ውጭ ጥሩንባውን መንፋት ጀመረ።