ኦክቶበር 31 ቀን አለው

ለወንድሜ ሰርግ ፈቃድ ወስጄ ደሴ እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ለንደን ያለው አከራዬ በዋትሳፕ ጻፈልኝ። "ኪራዩ አልገባም፣ ሰላም ነህ?" በጨዋ ደንብ ነው የጠየቀኝ፣ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ከመሳፈሬ በፊት ሁሉም በራሱ እንዲከፈል አድርጌ ነበራ!

እንግሊዝ አገር በራሱ የሚሄድ ክፍያ ሁለት ዓይነት ነው። ስታንዲንግ ኦርደር ላይ መጠኑንም ቀኑንም የምትወስነው አንተ ነህ፣ ባንኩ ያንኑ በየወሩ ይልካል፣ ካልነካኸው አይቀየርም። ኪራይ ብዙ ጊዜ በዚህ ነው የሚሄደው። ዳይሬክት ዴቢት ላይ ግን ፈቃድ ብቻ ትሰጣለህ፣ የመብራቱ ወይም የውሃው ድርጅት ራሱ ከአካውንትህ ይወስዳል፣ መጠኑን ሲቀይርም አስቀድሞ ያሳውቅሃል። በእኛ በወሎዎች አነጋገር አንደኛው የቅሬ መዋጮህን ራስህ ወስደህ መስጠት ነው፣ ሌላው ሰብሳቢው ቤትህ መጥቶ ሲወስድ።

የኔ ጥፋት ቀኑ ላይ ነው። ደሞዜ የሚገባው በወሩ የመጨረሻ የሥራ ቀን ነው። ሴፕቴምበር 30 ገብቶ ስላየሁ፣ የዚያን ወር በእጄ ከፍዬ፣ ከኦክቶበር ጀምሮ ኪራዩ በየወሩ 30 ላይ ይሂድ አልኩ። ወር 30 ቀን ነው ተብሎ ያደገ ሰው ሌላ ምን ይላል! ኦክቶበር ግን 31 ቀን አለው። ኪራዩ 900 ፓውንድ ነው፣ ኦክቶበር 30 ጠዋት አካውንቴ ላይ የነበረው ደግሞ 640። ባንኩ ማለዳ ሞከረ፣ አጣ። ከሰዓት ደገመ፣ አጣ። በቃ ተወው። ደሞዜ በማግሥቱ ቢገባም የኔ ባንክ አንዴ የከሸፈውን በሌላ ቀን አይልከውም። የጽሑፍ መልእክት ልኮልኝ ኖሯል፣ የእንግሊዙ ሲም ግን ቦርሳ ውስጥ ተኝቷል።

ለእማ ሳስረዳት "እና ኪስህ ባዶ ቢሆንስ ብለህ አላሰብክም?" አለችኝ። ምን ልበላት። ቀጥላ "ያ ከኪስህ የሚወስደውስ አብዝቶ ቢወስድ?" ስትል እንኳን መልስ ነበረኝ። ዳይሬክት ዴቢት ዋስትና አለው፣ በስህተት ከተወሰደብህ ለባንክህ ትናገራለህ፣ ባንኩ ሙሉውን ይመልስልሃል። በትክክል ያለብህን ዕዳ ግን አይሰርዝልህም። ስታንዲንግ ኦርደር ይህ ዋስትና የለውም፣ ተሳስተህ ከላክህ ላክህ ነው።

900ውን እዚያው ደሴ ሆኜ በአፑ ላክሁ፣ ደቂቃም አልፈጀ። አከራዩ በፊት የተመዘገበ ስለሆነ ኮድ አልጠየቀኝም፣ ቢጠይቀኝ ኖሮ ያንን ሲም ፍለጋ ሻንጣ መገልበጥ ነበር። ወለድም አልተጨመረብኝም። እንግሊዝ ውስጥ አከራይ ለዘገየ ኪራይ ወለድ መጠየቅ የሚችለው 14 ቀን ሲያልፍና ውሉ ላይ ሲኖር ነው። የከሸፈው የመብራቱ ዳይሬክት ዴቢት ቢሆን ግን ዝም ብዬ በእጄ አልከፍልም ነበር። ድርጅቱ ከቀናት በኋላ ራሱ ደግሞ ሊሞክር ይችላልና መጀመሪያ ደውሎ መጠየቅ ነው፣ አለዚያ ሁለቴ ትከፍላለህ።

ስመለስ ሁለተኛ አካውንት ከፈትኩ፣ ለሂሳብ ብቻ። ኪራይ 900፣ መብራትና ጋዝ 95፣ ካውንስል ታክስ 130፣ ውሃ 35፣ ኢንተርኔት 28፣ ድምሩ 1188 ነው። ደሞዝ እንደገባ 1250 ወደዚያ አዞራለሁ፣ ካርዱን ቤት ትቼዋለሁ። ከአከራዬ ጋር ተነጋግሬ ኪራዩን 1 ላይ አደረግኩት፣ ቅዳሜ ወይም እሁድ ከዋለ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሄዳል። የመብራቱን ቀን ግን ባንክ አይቀይርልህም፣ ለድርጅቱ ደውለህ ነው፣ እኔ 5 አስደረግኩት። ፌብሩዋሪና ማርች ካውንስል ታክስ ሳይቆረጥ ሲቀር አትደንግጥ፣ ብዙ ቦታ ከኤፕሪል እስከ ጃንዋሪ በ10 ወር ተከፋፍሎ ነው የሚከፈለው።

ይህን ሁሉ አስተካክዬ ደግሞ ሌላ ረሳሁ! ኤፕሪል ላይ ኪራዩ 940 ሆነ። ደብዳቤውን አንብቤ፣ እሺ ብዬ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። መብራቱ ሲጨምር ራሱ ተስተካክሎ ስለሚወሰድ ኪራዩም እንደዚያ የሚሆን መስሎኝ። ስታንዲንግ ኦርደሩ ሁለት ወር ሙሉ 900ውን ይልካል። ጁን ላይ አከራዬ የጎደለውን 80 ፓውንድ ጠየቀኝ። አሁን ደብዳቤ ሲመጣ ማቀዝቀዣው ጋ ከመድረሴ በፊት አፑን ከፍቼ አዲሱን መጠንና የሚጀምርበትን ቀን እሞላለሁ፣ እሱንም ከመክፈያው ቀን ቀደም ብዬ፣ ምክንያቱም ባንኩ በዚያው ቀን የተደረገ ለውጥ አይቀበለኝም።